ብጉሩ ሲጠፋ ቆዳው እንዲቀር

በቅርብ የተነሳ የሰው ፊት ፎቶግራፍ ሁለት ነገሮችን ደርቦ ይይዛል። አንደኛው ቀስ እያለ የሚለወጠው ነው፤ ብርሃኑ ከግንባር ወደ ጉንጭ፣ ከጉንጭ ወደ መንጋጋ ሲወርድ የሚፈጥረው ድምቀትና ጥላ፣ እንዲሁም የቆዳው ቀለም። ሁለተኛው በጥቂት ፒክስሎች ርቀት ውስጥ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጠው ነው፤ የላብ ቀዳዳው፣ ስስ ጸጉሩ፣ የቆዳው ደቃቅ መስመርና የሽፋሽፍቱ ጫፍ። አንድ እንጀራ ከመሃል ወደ ዳር እየጠቆረ ሊሄድ ይችላል፤ ዓይኑ ግን ነጣ ባለው ቦታም ጠቆር ባለውም እኩል ይታያል። የፊት ቆዳም እንደዚያ ነው። ፍሪኩዌንሲ ሴፓሬሽን የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ዘዴ እነዚህን ሁለቱን ለያይቶ እያንዳንዱን በራሱ ሌየር ላይ ያስቀምጣል። ቀስ እያለ የሚለወጠው ክፍል የታችኛው ሌየር፣ ቶሎ ቶሎ የሚለወጠው ደግሞ የላይኛው ሌየር ይሆናል። ከዚያ በኋላ አንዱን ማስተካከል ሌላውን አይነካም።

ዘዴው የመጣው የቆዳ ማለስለሻ ብላር ከሚያመጣው ችግር ነው። ብላር ብጉርን ከላብ ቀዳዳ አይለይም። ብጉሩ እንዲጠፋ ሲጠነክር ቀዳዳውም አብሮ ይጠፋል፤ ፊቱም ሰም የተቀባ ይመስላል። በየሰርግ አልበሙ የሚታየው ፕላስቲክ መሰል ፊት በአብዛኛው የዚህ ውጤት ነው።

ከጀርባው ያለው ሐሳብ ከፎቶ አርታኢዎች ልማድ ይቀድማል። ፒተር በርት እና ኤድዋርድ አደልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1983 ባሳተሙት ሥራ ምስልን በደረጃ እየከፋፈሉ ማስቀመጥ እንደሚቻል አሳይተዋል። ከምስሉ ላይ የደበዘዘው ቅጂ ሲቀነስ የሚቀረው ልዩነት ደቃቁን ዝርዝር ብቻ ይይዛል፤ ያ ልዩነት በደበዘዘው ቅጂ ላይ ተመልሶ ሲደመር የመጀመሪያው ምስል ይመለሳል። እነሱ ይህን ብዙ ጊዜ ደጋግመው ምስሉን ብዙ ደረጃ ላይ ከፍለውታል። ለፊት ማስተካከያ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ክፍፍል ይበቃል።

ዘዴው ለምን እንደሚጠቅም የሚገባው ብጉር ምን እንደሆነ ሲታይ ነው። በፎቶ ላይ አንድ ብጉር ሁለት ነገር ነው። ከፍ ብሎ የወጣው እብጠት ከአንድ ወገን ያብረቀርቃል፣ ከሌላው ወገን ትንሽ ጥላ ይጥላል፤ ጠርዙና ነጭ ጫፉ የላይኛው ሌየር ድርሻ ናቸው። በዙሪያው የተዘረጋው የቀለም ለውጥ ደግሞ የታችኛው ነው። ፈካ ባለ ቆዳ ላይ ይህ ለውጥ ቀይ ሆኖ ይታያል። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ግን ብጉሩ ከዳነ በኋላ በቦታው ቀለም ይጠራቀምና ለወራት የሚቆይ ጥቁር ቡናማ ነጥብ ይቀራል። በአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ፊት ላይ አርታኢውን የሚያደክመው እብጠቱ ሳይሆን ይኸው ጥሎት የሄደው ነጥብ ነው። ማድያትም ከዚሁ ወገን ነው። ነጥቡ ላይ ያለው የቆዳ ገጽ ጤነኛ ነው፤ ቀዳዳውም መስመሩም በቦታው አለ፤ የተበላሸው ቀለሙ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ነጥብ ከነገጹ ቆርጦ በሌላ ቆዳ መተካት ያለ ምክንያት ጤነኛውን መጣል ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ መከተል ይቀላል። በ24 ሜጋፒክስል ካሜራ በቁም የተነሳ፣ ወርዱ 4000 ቁመቱ 6000 ፒክስል የሆነ የአንዲት ሙሽራ ፎቶ ይታሰብ። ከደረት በላይ ተነስታለች፤ ነጭ ነጠላ ለብሳለች፤ ብርሃኑ ከግራዋ መስኮት ይመጣል። ፊቷ ከጉንጭ እስከ ጉንጭ 1800 ፒክስል ያህል ይሸፍናል። የአዋቂ ሰው ፊት ወርድ በግምት 14 ሴንቲሜትር ስለሆነ አንድ ሚሊሜትር ቆዳ 13 ፒክስል ገደማ ይይዛል ማለት ነው። በቀኝ ጉንጯ ላይ 3 ሚሊሜትር የሚያህል አዲስ ብጉር አለ፤ ወደ 40 ፒክስል ይጠጋል። ከእሱ ዝቅ ብሎ ወደ መንጋጋዋ 6 ሚሊሜትር የሚሆን የቆየ ጥቁር ነጥብ አለ፤ 80 ፒክስል ያህል ነው። የላብ ቀዳዳዋ ግን ከጥቂት ፒክስል አይበልጥም።

ሥራው በፎቶሾፕ ሲጀመር መጀመሪያ ዋናው ሌየር ሁለት ጊዜ ይባዛል። የታችኛው ቅጂ Low፣ የላይኛው High ተብሎ ይሰየማል። High ለጊዜው ይደበቅና Low ላይ Gaussian Blur ይሰጣል። ቀጥሎ High ተገልጦ ይመረጥና ከ Image ዝርዝር ውስጥ Apply Image ይከፈታል። በሚከፈተው ሳጥን ውስጥ Layer በሚለው ቦታ Low ይመረጣል። ፋይሉ 8 ቢት ከሆነ የሚሞላው እንዲህ ነው፦

```
Blending: Subtract
Scale: 2
Offset: 128
```

ፋይሉ 16 ቢት ከሆነ ደግሞ Invert ላይ ምልክት ይደረግና የሚከተለው ይሞላል፦

```
Blending: Add
Scale: 2
Offset: 0
```

ይህ ሲደረግ High ሌየር ግራጫ ይሆናል፤ በግራጫው ላይ የሙሽራዋ ሽፋሽፍት፣ ከንፈርና ቀዳዳ ብቻ እንደ ቅርጽ ይታያል። በመጨረሻ የሌየሩ አቀላለቀል Linear Light ሲሆን ፎቶው እንደነበረ ይመለሳል። ሁለቱ ሌየሮች በአንድ ግሩፕ ውስጥ ገብተው ግሩፑ ሲዘጋና ሲከፈት ምስሉ ላይ ምንም ለውጥ መታየት የለበትም። ከተለወጠ ከላይ ካሉት ቁጥሮች አንዱ ተሳስቷል፤ ያ ሳይስተካከል መቀጠል ዋጋ የለውም።

ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡ ማወቅ ስህተትን ለማግኘት ይረዳል። አንድ ፒክስል በዋናው ፎቶ 150፣ በደበዘዘው ቅጂ 158 ቢሆን ልዩነቱ ከዜሮ በታች 8 ነው። ሌየር ከዜሮ በታች ቁጥር መያዝ ስለማይችል ልዩነቱ ለሁለት ይከፈልና 128 ይጨመርበታል፤ 124 ይሆናል። Linear Light ደግሞ የላይኛውን ቁጥር በሁለት አባዝቶ ከታችኛው ጋር ይደምርና 256 ይቀንሳል። 158 ሲደመር 248፣ ሲቀነስ 256፣ ውጤቱ 150 ነው። ልዩነቱ ጎዶሎ ቁጥር ሲሆን ለሁለት ሲከፈል ግማሽ ይቀራል፤ በ8 ቢት ፋይል ይህ ወደ ሙሉ ቁጥር ስለሚጠጋ የአንድ እርከን ስህተት ይፈጠራል። ዓይን አያየውም። ሆኖም በላዩ ላይ ብዙ የቀለም ማስተካከያ የሚከተል ከሆነ በ16 ቢት መሥራት ይሻላል።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ውሳኔ ግን ያለው ቀደም ብሎ ያለፈው የብላር መጠን ላይ ነው። የቀረው ሁሉ እጅ የሚለምደው ነገር ነው። Radius የሚለው ቁጥር በሁለቱ ሌየሮች መካከል ያለውን ድንበር ያሰምራል፤ ከእሱ የሚያንሰው ወደ ላይ፣ የሚበልጠው ወደ ታች ይሄዳል። ብዙ የሥልጠና ቪዲዮዎች አንድ ቁጥር ሰጥተው ያልፋሉ፤ ያ ቁጥር ግን ከፊቱ ስፋት ጋር ካልሄደ ትርጉም የለውም። ለሙሽራዋ ፎቶ 8 ፒክስል ቢመረጥ ከግማሽ ሚሊሜትር ትንሽ የሚበልጥ ቆዳ ማለት ነው። በዚህ መጠን ቀዳዳውና በቀዳዳዎች መካከል ያለው መስመር በሙሉ ከ Low ላይ ጠፍቶ ወደ High ይሻገራል፤ 80 ፒክስል የሚያህለው ጥቁር ነጥብ ደግሞ Low ላይ ይቀራል። ያቺው ሙሽራ ከሩቅ፣ ሙሉ ቁመቷ እንዲታይ ተነስታ ፊቷ 450 ፒክስል ብቻ ቢይዝ ተመሳሳዩ ድንበር 2 ፒክስል ይሆናል። በተግባር Low እየታየ ቁጥሩ ከዜሮ ቀስ እያለ ይጨመራል፤ ጉንጩ ላይ ቀዳዳው መለየት እስኪያቅት ድረስ ይሄዳል፤ እዚያ ላይ ይቆማል።

ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው በከፊል Low ላይ ይቀራል፤ Low ሲለሰልስ አብሮ ይጠፋል፤ ዞሮ ዞሮ ያው ሰም የተቀባው ፊት ይመጣል። ቁጥሩ ሲበዛ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ለሙሽራዋ 25 ፒክስል ቢሰጥ የጥቁር ነጥቡ ቀለም በከፊል ወደ High ይወጣል። ያኔ High ላይ ቆዳ ሲገለበጥ ጥላና ድምቀትም አብሮ ይገለበጣል፤ ጉንጩ ነጠብጣብ ይሆናል። ይህን ለመለየት High ለብቻው ይታይ። ግራጫው ወጥ ሆኖ ደቃቅ ቅርጽ ብቻ ካለበት ልኩ ተገኝቷል፤ የጉንጭ ቅርጽና የአፍንጫ ጥላ እንደ ደመና ከታየበት በዝቷል።

ማስተካከሉ ከላይኛው ሌየር ይጀምራል፤ የ High ቅጂ ተወስዶ፣ ዋናው High ተደብቆ፣ በቅጂው ላይ ቢሠራ ይመረጣል። እዚህ የሚሠራው ብጉሩ ላይ ብቻ ነው። ክሎን ስታምፕ ይመረጥና Sample በሚለው ቦታ Current Layer ይደረጋል። ይህ ምርጫ ቀላል ይመስላል፤ All Layers ላይ ከቀረ ግን መሣሪያው ግራጫውን ሳይሆን ባለቀለሙን ቆዳ አንስቶ ግራጫው ላይ ይቀባዋል፤ Linear Light ደግሞ ያንን አባዝቶ ጉንጩ ላይ የሚጮህ እድፍ ያደርገዋል። ድንገት እንዲህ ያለ እድፍ ሲወጣ ምክንያቱ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ይኸው ነው።

ብሩሹ ከብጉሩ ትንሽ ሰፋ ይላል፤ ለ40 ፒክስል ብጉር 50 ያህል ይበቃል። ጠርዙ ጠንከር ያለ መሆን አለበት። ብዙ ሰው ለስላሳ ብሩሽ የተሻለ ይመስለዋል፤ እዚህ ግን ይጎዳል። ለስላሳ ጠርዝ አሮጌውንና አዲሱን ገጽ በየመጠኑ ይቀላቅላል፤ የማይገጣጠሙ ሁለት ገጾች ሲቀላቀሉ የአንዱ ቀዳዳ የሌላውን ከፍታ ያጠፋዋል። ውጤቱ በብጉሩ ዙሪያ የደበዘዘ ቀለበት ነው። በጠንካራ ጠርዝ ግን ግራጫ በግራጫ ላይ ስለሚቀመጥ መጋጠሚያው አይታይም።

ገጹ የሚወሰድበት ቦታም ይመረጣል። የአፍንጫ ዳር ቀዳዳ ሰፋፊ ነው፤ የግንባሩ ደቃቅ ነው፤ ከዓይን ሥር ያለው ቆዳ ቀዳዳው እምብዛም ሳይታይ በስስ መስመሮች የተሞላ ነው። ለጉንጭ ብጉር የሚሆነው ጉንጭ ነው፤ ያውም በሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ርቀት ውስጥ፣ ብርሃኑ በተመሳሳይ ማዕዘን ካረፈበት ቦታ። ከቀኝ ጉንጭ ወስዶ ግራ ላይ ማስቀመጥ የእያንዳንዱን ቀዳዳ ጥላ ወደተሳሳተ ወገን ያዞረዋል። ከአንድ ቦታ ደጋግሞ መውሰድም አይመከርም፤ ሦስት ቀዳዳ በአንድ መስመር ላይ ደጋግሞ ሲታይ ዓይን ሳይፈልግ ያገኘዋል።

ብጉሩ ከ High ላይ ከጠፋ በኋላ እብጠቱ ጠፍቶ ቀለሙ እንደቀረ ይታያል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ከዚህ በኋላ ሥራው ወደ Low ይወርዳል።

Low ላይ በብዛት የሚታየው ልማድ ቦታውን በላሶ ከቦ እንደገና ብላር መስጠት ነው። ሰፊና ስስ የቀለም መዘበራረቅን ያስተካክላል፤ ለሙሽራዋ ጥቁር ነጥብ ግን አይሆንም። ብላር ጥቁረትን አያጠፋም፤ ያሰፋዋል እንጂ። 80 ፒክስል ላይ ተሰብስቦ የነበረው ጥቁረት 150 ፒክስል ላይ ይበተናል፤ ነጥብ የነበረው የቆሸሸ ጥላ ይሆናል። ለተለየ ነጥብ የሚሻለው ከ Low በላይ ባዶ ሌየር ከፍቶ ከነጥቡ አጠገብ ያለውን ጤናማ ቀለም በ Alt ቁልፍ እየወሰዱ በጣም ለስላሳ ብሩሽ፣ Opacity 10 በመቶ አድርጎ በቀስታ መደራረብ ነው። እዚህ ለስላሳ ብሩሽ ትክክለኛ ነው፤ የሚያበላሸው ገጽ የለምና። ባዶው ሌየር ከ High በታች መሆን አለበት፤ ከላይ ከሆነ ቀዳዳውን ይሸፍነዋል።

ቀለሙ የሚወሰድበት አቅጣጫ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሙሽራዋ ብርሃን የሚያገኘው ከግራዋ ስለሆነ ቀኝ ጉንጯ ወደ ጆሮዋ በሄደ ቁጥር እየጨለመ ይሄዳል። ከነጥቡ ወደ አፍንጫ በኩል ያለው ቆዳ የደመቀ ነው፤ ወደ ጆሮ በኩል ያለው የጨለመ ነው። ከሁለቱ ከአንዱ የተወሰደ ቀለም ነጥቡ ላይ ሲቀመጥ አዲስ ነጥብ ይሆናል። የሚስማማው ከነጥቡ በላይ ወይም በታች፣ ብርሃኑ እኩል ካረፈበት መስመር የተወሰደው ነው። ብሩሹ ነጥቡን ሙሉ በሙሉ ማጥፋትም የለበትም። ወደ ዙሪያው ቆዳ ሲጠጋ መቆም ይገባል፤ ያለ አንዳች የቀለም ልዩነት የሚታይ ጉንጭ የሰው ጉንጭ አይመስልም።

ነጥቡ ወደ መንጋጋ የቀረበ መሆኑ ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። ከመንጋጋዋ ሥር ነጩ ነጠላ ይጀምራል። Low ሲደበዝዝ የነጠላው ነጭ ወደ ቆዳው፣ የቆዳው ቡናማ ወደ ነጠላው ጥቂት ፈሷል። ያልተነካ ሳለ ይህ አይታይም፤ High በዚያው ጠርዝ ላይ ተቃራኒውን ይዞ ሒሳቡን ያቻችለዋል። ጠርዙ አጠገብ Low ላይ ቀለም ሲቀባ ግን የፈሰሰው ነጭ ይሸፈናል፤ High የያዘው ማቻቻያ ግን እንዳለ ይቀራል። በመንጋጋው ላይ ጥቁር ክር የተሰመረ ይመስላል። ከንፈር፣ ቅንድብ፣ የጸጉር ዳርና የጌጥ ጠርዝም እንዲሁ ናቸው። መፍትሔው ከእንዲህ ያለ ጠርዝ ከብላሩ መጠን ሁለትና ሦስት እጥፍ መራቅ ነው፤ ለሙሽራዋ 20 ፒክስል ገደማ። ብጉሩ ጠርዙ ላይ ከሆነ ይህን ዘዴ ትቶ በዋናው ምስል ላይ በተለመደው ሂሊንግ ብረሽ መሥራት ይቀላል።

አርታኢ ፊቱን ለረጅም ጊዜ በቅርብ ሲያይ ዓይኑ ይለምደዋል። ስለዚህ ከሁሉም በላይ ጊዜያዊ የጥቁርና ነጭ ማስተካከያ ሌየርና ንጽጽርን አጥብቆ የሚጨምር Curves ይደረባል። ቀለሙ ሲወገድና ንጽጽሩ ሲያይል በ Low ላይ የተረሳ ነጠብጣብ ፊት ለፊት ይወጣል። ምስሉ በ100 በመቶ መጠን ሲታይ ደግሞ የገጹ መቋረጥ፣ ራቅ ብሎ በትንሹ ሲታይ የብርሃኑ መዛባት ይገኛል፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም። ጊዜያዊዎቹ ሌየሮች ተነስተው የግሩፑ Opacity ወደ 70 ወይም 80 በመቶ ሲወርድ ከዋናው ፎቶ ትንሽ ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜ ፊቱን የሚያድነው ይህ የመጨረሻ እርምጃ ነው።

ፎቶሾፕ የሌለው ሰው በነጻው ጂምፕ ተመሳሳዩን መሥራት ይችላል። በዚያ Grain extract የሚባለው አቀላለቀል ይቀንሳል፣ Grain merge ይደምራል። ከ2.10 ጀምሮ ደግሞ Wavelet decompose የሚል ማጣሪያ ምስሉን በአንድ ጊዜ ወደ ብዙ ደረጃ ይከፍለዋል፤ በርት እና አደልሰን ወዳሰቡት የቀረበ ነው።

ዘዴው የሌለን ገጽ አይፈጥርም። ላብ ወይም ቅባት ያለበት ግንባር በብልጭታ ተመትቶ ፍጹም ነጭ ከሆነ እዚያ ላይ ለመነጠል የሚበቃ ዝርዝር የለም፤ High ባዶ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ጠይም ቆዳ ላይ ይህ ነጭ ከዙሪያው ጋር ስለሚራራቅ ይበልጥ ያስታውቃል፤ መድኃኒቱ ከመነሳቱ በፊት ፊትን በሶፍት መጥረግ ነው። ወፍራም ፋውንዴሽን የሸፈነው፣ ከትኩረት ውጪ የሆነ ወይም በተደጋጋሚ መላላክ የተጨመቀ ፎቶም እንደዚሁ ነው። ጥልቅ የፊት መጨማደድ ደግሞ ከሁለቱም ሌየር ሥር ሰድዶ ስለሚገኝ በአንዱ ብቻ አይነካም።

አንዳንዱ ምልክት ደግሞ እንከን አይደለም። ብጉር በሳምንት ይሄዳል፤ ከተወለዱ ጀምሮ ያለ ምልክት፣ የግንባር ወይም የአንገት ንቅሳት፣ የልጅነት ጠባሳ ግን የሰውየው መለያ ነውና ሳይጠይቁ አይጠፋም። ለማንነት ማረጋገጫ የሚቀርብ ፎቶ ላይ ጨርሶ መነካት የለበትም። የአሜሪካ የዲቪ ማመልከቻ መመሪያ፣ ለምሳሌ፣ የአመልካቹን መልክ ለመለወጥ በኮምፒውተር የተስተካከለ ፎቶን አይቀበልም።

ምን ያህል መሥራት እንደሚያስፈልግ የሚወስነው ፎቶው የሚሄድበት ቦታ ነው። የሙሽራዋ ፎቶ ወርዱ 30 ሴንቲሜትር በሆነ የአልበም ገጽ ላይ ቢታተም ፊቷ ወደ 13.5 ሴንቲሜትር ይጠጋል፤ በእውነተኛ መጠኗ ማለት ነው። ያኔ እያንዳንዱ ቀዳዳ ይታያልና High ላይ የጠፋው ጊዜ ተገቢ ነው። ያው ፎቶ ወርዱ 800 ፒክስል ሆኖ በስልክ የሚላክ ብቻ ከሆነ ፊቷ 360 ፒክስል ይይዛል፤ አንድ ቀዳዳ ከአንድ ፒክስል ያንሳል። ለእንዲህ ያለው ብጉሩን በሂሊንግ ብረሽ አንድ ጊዜ ነክቶ፣ ጥቁር ነጥቡን ትንሽ ማፍካት በቂ ነው፤ ሌየር መለያየቱም አያስፈልግም።